እሁድ ማታ ሆዳችን ባር ባር የሚለው ለምንድን ነው?

(በአንድ የሠራተኞች መድረክ ላይ የተደረገ ንግግር። ከጥቂት እርማት በቀር እንደተነገረ ቀርቧል።)

ክቡራትና ክቡራን፣ እንደምን አመሻችሁ! ብዙዎቻችሁ ከሥራ በቀጥታ እንደመጣችሁ ከፊታችሁ ያስታውቃል። ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ከኋላ የቆማችሁ፣ እዚህ ፊት ለፊት ክፍት ወንበር አለ፤ አትፍሩ፣ ማንንም አልጠይቅም።

እስቲ እጃችሁን አውጡልኝ። እሁድ ከቀኑ 10 ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ምንም ሳይፈጠር፣ ሆዱ ባር ባር የሚለው ማነው? እሺ፣ ብዙ ናችሁ። አሁን ደግሞ ሌላ ጥያቄ። አርብ ከሰዓት በኋላስ? አርብ ከሰዓት ሆዱ ባር ባር የሚለው ማነው? አያችሁ፣ እጆቹ ወረዱ።

ይሄ ራሱ አይገርምም? አርብ እኮ የሥራ ቀን ነው። ወረቀቱም፣ ስልኩም፣ አለቃውም አለ። እሁድ ደግሞ የዕረፍት ቀን ነው። ሥራ ላይ ሆነን ደስ ይለናል፣ ቤታችን ዐርፈን ተቀምጠን ይከፋናል። ስሜታችን የሚከተለው ያለንበትን ቀን ሳይሆን የሚመጣውን ቀን ነው ማለት ነው።

ዛሬ ሁለት ነገር እናገራለሁ። አንደኛው፣ ይህ ስሜት እሁድ ምሽት ላይ ለምን እንደሚያይል። ሁለተኛው፣ ስለ ሥራችን ምን ሊነግረን እንደሚችል። ሁለተኛው ላይ ብዙ እቆያለሁ። እኔ የምሠራው በሥራ ምክንያት የተጨነቁ ሰዎችን ማማከር ነው፤ እሁድ ማታ የተጻፈ ስንት የመልቀቂያ ደብዳቤ አይቻለሁ መሰላችሁ! አንዳንዱ ትክክል ነበር። አንዳንዱ ግን የተጻፈው በማይመለከተው ሥራ ላይ ነበር።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልግባ።

መጥፎ ነገርን መጠበቅ ራሱን የቻለ ሕመም ነው። በ2006 በአሜሪካ የኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ግሪጎሪ በርንስና ባልደረቦቹ አንድ ሙከራ አሳትመው ነበር። በጎ ፈቃደኞች የአንጎል ምስል በሚያነሳ መሣሪያ ውስጥ ተኝተው እግራቸው ላይ ቀላል የኤሌክትሪክ ንዝረት ይደርስባቸዋል። ንዝረቱ መቼ እንደሚመጣ፣ ምን ያህል እንደሚያም ቀድሞ ይነገራቸዋል። ከዚያ ምርጫ ይሰጣቸዋል፦ ቀለል ያለው ንዝረት ቆይቶ ይምጣ ወይስ ጠንከር ያለው አሁኑኑ? አስቡት እስቲ። ማነው ጠንከር ያለውን የሚመርጥ? ግን መረጡ! ሁሉም አይደሉም፤ የተወሰኑት "ቶሎ ይምጣና ይለቅ" ብለው የባሰውን ሕመም መረጡ። መጠበቁ ከሕመሙ በላይ ከብዷቸዋል።

እኔን ይበልጥ የሳበኝ ደግሞ ሌላው ነገር ነው። እነዚህ ሰዎች በሚጠብቁበት ጊዜ አንጎላቸው ውስጥ ይበልጥ ይነቃ የነበረው ሕመምን የሚቀበለውና ትኩረትን ወደ እግሩ የሚስበው ክፍል ነበር። ንዝረቱ ሳይመጣ እግራቸውን "እየጠበቁት" ነበር ማለት ነው። እሁድ ማታም እንዲሁ ነው። ሥራው ገና ሳይመጣ ትኩረታችን እዚያ ሄዶ ይቀመጣል። ቅዳሜ ላይ በሥራውና በእኛ መሀል አንድ ሙሉ ቀን አለ። እሁድ ከሰዓት በኋላ ግን መሀል ላይ ያለው እንቅልፍ ብቻ ነው።

ይህ ስሜት ከእሁድ ጋር የተለየ ውል የለውም። ዕረፍቷ ረቡዕ የሆነች ነርስ ጠይቁ። የእሷ "እሁድ ማታ" ረቡዕ ማታ ነው። ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ በምስኪኑ እሁድ ላይ አናላክክ።

ሌላው ሳይጠናቀቅ የቀረ ሥራ ነው። ወንድሜ መምህር ነው። አርብ ያልታረመ የፈተና ወረቀት በቦርሳ ሞልቶ ይመጣል። ቦርሳውን በሩ አጠገብ ያስቀምጠዋል። አርብ ማታ አይነካውም፣ ይገባዋላ! ቅዳሜም አይነካውም። ግን ባለፈ ባገደመ ቁጥር ያየዋል። እሁድ 12 ሰዓት ላይ ፊቱ ይለወጣል። "ምን ሆንክ?" ስትሉት "ምንም" ነው መልሱ። የእኛ ቤት ልጆች ያንን ቦርሳ "እንግዳው" ይሉት ነበር፤ ቅዳሜና እሁድን ሙሉ ያለ ጨዋታ የሚቀመጥ እንግዳ።

ያላለቀ ሥራ ለምን እንዲህ ይከተለናል? በ2011 ማሲካምፖና ባውማይስተር የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ያሳዩት ነገር እዚህ ይጠቅማል። ያልተጠናቀቀ ጉዳይ ያለባቸው ሰዎች ሌላ ነገር ሲሠሩ ሐሳቡ እየገባ ያውካቸዋል። ይህ የሚጠበቅ ነው። ያልተጠበቀው ግን፣ ሐሳቡ እንዲተዋቸው ሥራውን መጨረስ አላስፈለጋቸውም። መቼ፣ የት፣ እንዴት እንደሚሠሩት በዝርዝር ማቀዱ ብቻ በቂ ሆነ። ወንድሜ ይህን ስነግረው ሳቀብኝ። በኋላ ግን አርብ ከትምህርት ቤት ሳይወጣ አንድ መስመር መጻፍ ጀመረ፦ "ሰኞ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ነፃ ነኝ። በመምህራን ክፍል፣ የመጀመሪያውን ክፍል ወረቀት።" ቦርሳውንም ትምህርት ቤት ይተወው ጀመር። ልብ በሉ፣ ዕቅዱ "ሰኞ አርማለሁ" አይደለም። እንዲህ ያለው ምኞት ነው። ሰዓትና ቦታ ያለው ነው የሚሠራው። ደግሞም የሚጻፈው አርብ ከቢሮ ሳይወጡ ነው። እሁድ ማታ ላይ ከጻፋችሁት ጭራሽ ቢሮውን ቤት አስገባችሁት ማለት ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ሰዎች የሚንቁት ነው፤ እንቅልፍ። በሥራ ቀን ማታ 4 ሰዓት ተኝቶ ጠዋት 12 ሰዓት የሚነሳ ሰው እንውሰድ። የእንቅልፉ እኩሌታ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ነው። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ሌሊት 7 ሰዓት ተኝቶ ጠዋት 3 ሰዓት ይነሳል። እኩሌታው ወደ ሌሊት 11 ሰዓት ሄደ። የሦስት ሰዓት ልዩነት! ጀርመናዊው የእንቅልፍ ተመራማሪ ቲል ሮነበርግና ባልደረቦቹ በ2006 ይህን ልዩነት እንዲህ እያሰሉ መለኩት። በአውሮፕላን ሳንሳፈር ሰዓት ወደተለያየበት አገር እንደሄድን ያህል ነው።

እና እሁድ ማታ 4 ሰዓት ላይ "ነገ ሥራ ነው" ብለን እንተኛለን። ሰውነታችን ግን ገና ምሽት ላይ ነው። አይተኛም። ጨለማ ውስጥ ዓይናችን ፈጦ እንገላበጣለን። ጨለማ ውስጥ የፈጠጠ ዓይን ስለምን ያስባል? ስለ ነገ! ከዚያ ጠዋት ላይ "ይህ ሥራ እንቅልፍ ነሳኝ" እንላለን። አንዳንዴ እውነት ነው። አንዳንዴ ግን እንቅልፉን የነሳን የቅዳሜና የእሁድ ጠዋት ረጅሙ እንቅልፍ ነው፤ ሥራው በሐሰት ተከሰሰ።

እሺ፣ ወደ ሁለተኛው ነጥብ። ዛሬ በዋናነት የመጣሁበት ይኸኛው ነው።

የእሁድ ማታ ስሜት ትንበያ ነው። እንደ አየር ሁኔታ ትንበያ ቁጠሩት። "ነገ ከባድ ዝናብ ይጥላል" ይላል። ትንበያው ትክክል መሆኑን በምን ታውቃላችሁ? ነገ ወጥታችሁ ስታዩ! እኛ ግን ትንበያውን ሰምተን እንፈራለን፤ ሰኞን ወጥተን አንለካም። በሳምንቱ ያንኑ ትንበያ ደግመን እናምናለን።

በ2012 በአሜሪካ አርተር ስቶንና ሁለት ባልደረቦቹ ከ300,000 በላይ ሰዎች በስልክ የሰጡትን መልስ ይዘው የሳምንቱን ቀናት ስሜት አወዳደሩ። ቅዳሜና እሁድ ይሻላሉ፤ አርብም ትንሽ ይሻላል። ሰኞስ? ሰኞ ከማክሰኞ፣ ከረቡዕና ከሐሙስ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘበትም። ያ ሁሉ ስሙ የጠፋው ሰኞ ከረቡዕ አይለይም! ይህ የብዙ ሰው አማካይ ነው፤ የእናንተ ሰኞ ከዚህ ሊለይ ይችላል። የሚለይ ከሆነ ግን ያ ራሱ ዜና ነው። መመርመር ያለበት ዜና።

እንዴት ይመረመራል? ከአንዲት ባለጉዳይ ጋር ያደረግነውን ልንገራችሁ። ማንነቷ እንዳይታወቅ ጥቂት ነገር ቀይሬዋለሁ።

በሠላሳዎቹ ውስጥ ያለች ሴት ናት። ለአንድ ትልቅ ድርጅት ሪፖርት ታዘጋጃለች። ወደ እኔ ስትመጣ የመልቀቂያ ደብዳቤዋን ጽፋ ጨርሳ ነበር። ቀኑ ብቻ ነው የቀረው። "ሥራዬን ጠልቼዋለሁ" አለችኝ። እሁድ 10 ሰዓት ሲሆን ሆዷ ይታወካል፣ ምሽት 1 ሰዓት ላይ ከሰው ጋር ማውራት ታቆማለች፣ እራት አይበላላትም።

"የትኛውን የሥራሽን ክፍል ነው የጠላሽው?" አልኳት።

ዝም አለች። ከዚያ "ሁሉንም" አለች።

"ሁሉንም" የሚል መልስ ስሰማ ገና አልተለካም ማለት እንደሆነ ገብቶኛል። ስለዚህ ደብዳቤውን አትቅደጂው፣ ግን ለአራት ሳምንት አስቀምጪው አልኳት። በእነዚህ ሳምንታት ከ0 እስከ 10 ቁጥር ትሰጣለች። 0 ምንም ጭንቀት የለም፤ 10 የማይቻል ነው። አራት ጊዜ ብቻ፦ እሁድ ምሽት 1 ሰዓት፣ ሰኞ ጠዋት ሥራ ሲጀመር፣ ሰኞ 5 ሰዓት ተኩል፣ ማክሰኞ 6 ሰዓት። ከቁጥሩ ጎን ደግሞ በዚያች ሰዓት ዓይነ ሕሊናዋ ላይ የመጣውን ነገር በአንድ መስመር ትጽፋለች። "ሥራ" ብሎ መጻፍ ክልክል ነው። ሰው ይሁን፣ ክፍል ይሁን፣ ድምፅ ይሁን፣ የሚታይ ነገር መሆን አለበት።

የመጀመሪያው ሳምንት፦ እሁድ 8፣ ሰኞ ጠዋት 9፣ ሰኞ 5 ሰዓት ተኩል 3፣ ማክሰኞ 1። ሁለተኛውም ያው ነው፤ እሁድ 7፣ ሰኞ ጠዋት 8፣ ከዚያ 2፣ ከዚያ 2። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ግን እሁድ 3! ሰኞ ጠዋት 2። አራተኛው ላይ እንደገና 8።

ሦስተኛው ሳምንት ምን ተፈጠረ? አለቃዋ ለሥራ ጉዞ ስለሄዱ የሰኞ ጠዋቱ ስብሰባ እንደማይኖር አርብ ዕለት ተነግሯቸው ነበር። ሌላው ሁሉ እንዳለ ነው። ያው ወንበር፣ ያው ሪፖርት፣ ያው ደመወዝ። ስብሰባው ብቻ ቀረ።

ከቁጥሮቹ ጎን የጻፈችውንም አነበብን። እሁድ ማታ "ሥራ" አልመጣባትም። የመጣባት ረጅም ጠረጴዛና አለቃዋ ወረቀት ሲገልጡ ነው። ስብሰባው ላይ አለቃዋ ማንንም አስነስተው ካለፈው ሳምንት ሪፖርት ውስጥ አንድ ቁጥር ይጠይቃሉ። የትኛውን ቁጥር እንደሚጠይቁ አይታወቅም። ማንን እንደሚያስነሱም አይታወቅም። አላውቅም ያለ ሰው ሰው ፊት ይወቀሳል። ስብሰባው 4 ሰዓት ተኩል ላይ ያልቃል። ለዚህ ነው 5 ሰዓት ተኩል ላይ ቁጥሯ 3 የሆነው። ማክሰኞ ላይ ሪፖርቷን ስትሠራ እንዲያውም ከቁጥሩ ጎን የጻፈችው "ሰንጠረዡ ልክ መጣልኝ" የሚል ነበር። እንዲህ ብሎ የሚጽፍ ሰው ሥራውን ጠልቶታል?

እህቶቼና ወንድሞቼ፣ የጠላችው ሥራውን አልነበረም። የጠላችው አንድ ሰዓት ተኩል ነበር። ከአንዷ ሰዓት ተኩል ለማምለጥ አርባ ምናምን ሰዓት ልትለቅ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ጥናት ይረዳናል። ሮበርት ካራሴክ በ1979 ባወጣው ጽሑፍ ሰውን ይበልጥ የሚጎዳው የሥራ ብዛት ብቻ እንዳልሆነ አስረድቷል። የሚጎዳው ብዙ የሚጠየቁበትና በራስ ለመወሰን ቦታ የሌለበት ሥራ ነው። ብዙ ሥራ ያለበት፣ ግን አሠራሩን ራሱ የሚወስን ሰው ያን ያህል አይጎዳም። የእህታችንን ስብሰባ በዚህ ዓይን እዩት። የሚጠየቀው ብዙ ነው፤ መዘጋጀት ግን አይቻልም። የምትቆጣጠረው አንድም ነገር የለም። እሁድ ማታ መዘጋጀት ብትፈልግ እንኳ የቱን ትዘጋጅ?

ስለዚህ መፍትሔውም ከዚያው ወጣ። አለቃዋን "ስብሰባው ይቅር" አላለቻቸውም። እንዲህ ብትል እኔም አላበረታታትም ነበር፤ ስብሰባው የአለቃ ነው። የጠየቀችው አንድ ነገር ነው፦ "ሰኞ የሚጠይቋቸውን ርዕሶች አርብ ቢያሳውቁን የተሟላ መልስ ይዘን እንመጣለን።" መጀመሪያ አልተቀበሏትም። "በሥራው ላይ ያለ ሰው ሁሌም ማወቅ አለበት" አሏት። ሁለት ባልደረቦቿ አብረዋት ሲጠይቁ ግን ሦስት ርዕስ አርብ መላክ ጀመሩ። እሁዷ ወደ 4 ወረደ። ልብ በሉ፣ 0 አልሆነም። የቀረው ከየት ነው? ስብሰባ ባልነበረበት ሳምንትም 3 ነበር። ያ 3 የአለቃዋ አልነበረም። ቅዳሜና እሁድ እስከ ረፋድ ትተኛለች። ይኸኛው የእንቅልፍ ድርሻ ነበር።

ደብዳቤው? እስካሁን መሳቢያዋ ውስጥ አለ ብላኛለች። ይኑር፤ ምንም አይደል።

አሁን ደግሞ ተቃራኒውን ልንገራችሁ፤ አለበለዚያ "ሁሉም ሰው ሥራውን ይወዳል፣ እንቅልፉን ያስተካክል" የሚል ሰው መስዬ ልሄድ ነው። አለቆች ከመሀላችሁ ካላችሁ ይህን ክፍል በደንብ ስሙኝ።

ሌላ ባለጉዳይ ነበር። በአንድ ድርጅት የንብረት ክፍል ውስጥ ይሠራል። ዕቃ ሲመጣ ቆጥሮ ተረክቦ ይፈርማል። እሱንም ቁጥር አስያዝኩት። እሁድ 7። ሰኞ 7። ሰኞ ረፋድ 6። ማክሰኞ 7። እኔ ራሴ ረቡዕንም ጨምር አልኩት፤ ረቡዕ 6። አይወርድም! ትንበያው ልክ ነበር። ዝናቡ በየቀኑ ይጥላል። የሁለት ሳምንት የዓመት ፈቃድ ወጥቶ ሲመለስ፣ በሁለተኛው ቀን ቁጥሩ ወደነበረበት ተመለሰ። ይህ ትልቅ ምልክት ነው። ድካም ብቻ ቢሆን ዕረፍት ለጥቂት ጊዜ እንኳ ያነሳው ነበር።

ከቁጥሩ ጎን የጻፈውን ሳይ ሁሌም አንድ ነገር ነው፦ እስክሪብቶ። ፊርማ። የተላከው ዕቃ ጎድሎ ይመጣል፤ "ሙሉ ነው ብለህ ፈርም፣ ቀሪው ይመጣል" ይባላል። ቀሪው አንዳንዴ ይመጣል፣ አንዳንዴ አይመጣም። ስሙ ግን ሰነዱ ላይ አለ። ይህ ሰው የሥራ ብዛት አላስጨነቀውም። ያስጨነቀው የማያምንበትን ነገር በስሙ ማጽደቁ ነው። እንዲህ ያለ ጭንቀት ሰኞን ጠብቆ አይመጣም፤ ፊርማው ባለበት ቀን ሁሉ አለ።

ለእሱ "አርብ ከቢሮ ሳትወጣ ዕቅድ ጻፍ" ብለው ምን ይጠቅመዋል? ምንም! አርፍደህ አትተኛ ብለውስ? እንቅልፍ ሰነድ አያስተካክልም። ያደረገው ይህ ነው። ያልቆጠረውን እንደማይፈርም በጽሑፍ አሳወቀ። ክፍል ቅያሪ ጠየቀ፤ አልተሰጠውም። ከዚያ በኋላ ቢሮው ውስጥ ሰላምታው ቀዘቀዘ። ደመወዙን የሚጠብቅ ቤተሰብ ስላለው በማግስቱ ጥሎ አልወጣም፤ ውጣም አላልኩትም። ወራት ወስዶ ሌላ ሥራ አገኘ። አዲሱ ሥራው ከበፊቱ ይበዛል፣ እሱ ራሱ ያማርራል። እሁድ ማታ ግን 2 ነው። ደክሞታል፤ ሆዱ ግን ባር ባር አይልም። ብዙ ሥራና መጥፎ ሥራ አንድ አይደሉም የምለው ለዚህ ነው።

ክርስቲና ማስላክና ማይክል ላይተር የተባሉ የሥራ መዛል ተመራማሪዎች ሰውና ሥራው የማይገጣጠሙባቸውን ስድስት ቦታዎች ለይተዋል፤ የሥራ መጠን፣ የመወሰን ነፃነት፣ ክፍያና ዕውቅና፣ የባልደረባ ግንኙነት፣ ፍትሐዊነትና እሴት። ሁሉንም መሸምደድ አያስፈልጋችሁም። ከቁጥሩ ጎን የጻፋችሁትን መስመር ይዛችሁ "ይህ የየትኛው ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። የእህታችን የመወሰን ነፃነት ነበር። የንብረት ክፍሉ ሰው እሴት ነበር። ስማቸው አንድ፣ "እሁድ ማታ"። መድኃኒታቸው ግን አይገናኝም።

አንድ ሦስተኛ መልክ አለ፤ ብዙ አልቆይበትም። እሁድ ጠዋት የሚጀምርና ሰኞ ቢሮ ሲገቡ የሚለቅ። ሰኞ ጠዋት እንዲያውም ቀለል ይላል። ሃንጋሪያዊው ሐኪም ሻንዶር ፌሬንቺ በ1919 ስለ እንዲህ ያሉ ታካሚዎቹ ጽፏል። በሥራ ቀናት ደህና ናቸው፤ እሁድ ሲመጣ ይታመማሉ። እነዚህን የሚያስጨንቃቸው ሥራው አይደለም። ሥራው ሲቆም የሚከፈተው ባዶ ቀን ነው። ብቻውን ወደ አዲስ ቦታ የተዛወረ ሰው፣ በቅርቡ ሰው የሞተበት ሰው እንዲህ ሲሆን አይቻለሁ። ይህ ሰው ሥራውን ቢለቅ ምን ይሆናል? ሰባቱም ቀን እሁድ ይሆንበታል።

እንዳትሳሳቱ የምፈራበትን አንድ ቦታ ልናገርና ላብቃ። ይህ የቁጥር ነገር የሚሠራው ስሜቱ ከፍና ዝቅ ሲል ነው። ቁጥሩ አርብም ቅዳሜም ካልወረደ፣ ቀኑን ሙሉ ማለት ይቻላል ድብርት ካለ፣ ድሮ ደስ ይል የነበረው ሁሉ ደስ ማለቱን ካቆመ፣ እንዲህ ሆኖ ሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ያኔ ስለ ሥራ መወሰኛ ጊዜ አይደለም። የጤና ባለሙያ ማየት ነው። ድብርት ውስጥ ያለ ሰው ሥራውም፣ ትዳሩም፣ ጓደኛውም ያስጠላዋል፤ በዚያ ዓይን የተጻፈ የመልቀቂያ ደብዳቤ ስለ ሥራው ብዙ አይናገርም። የመኖር ፍላጎት የጠፋበት ሰው ደግሞ ሁለት ሳምንትም አይጠብቅ፤ ዛሬውኑ ለሰው ይንገር። የደረት ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር ያለበት ሰውም "የእሁድ ነገር ነው" ብሎ አይለፈው፤ ሐኪም ይየው።

ደግሞ አራት ሳምንት ለምን አስፈለገ የምትሉኝ ትኖራላችሁ። አንድ ሳምንት አይበቃም፤ ሕፃን ታሞ ሊያድር ይችላል፣ የወሩ መዝጊያ ሊሆን ይችላል። ከሁሉም በላይ ግን አንድ የተለየ ሳምንት ያስፈልጋችኋል። ስብሰባው የቀረበት፣ አንድ ሰው ፈቃድ የወጣበት፣ ሰኞ የበዓል ዕረፍት የሆነበት። የሚያስተምራችሁ ያ የተለየው ሳምንት ነው። የእህታችን አለቃ ያን ሳምንት ባይጓዙ ኖሮ እኔም እሷም ገና እየገመትን በነበረ።

ንግግሬን እዚህ ላይ ላቁም። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ በሰው ፊት መጠየቅ የማትፈልጉ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ አቀብሉኝ፣ ስም አያስፈልግም። እዚያ በመስኮቱ በኩል ያሉት እናት ቀድመው እጃቸውን ስላወጡ ከእሳቸው እንጀምር። እሺ፣ ይቀጥሉ።